እስከ መስከረም 30

ናዖድ አማርኛ ይሰማል እንጂ ፊደል አልቆጠረም። ኮንኮርድ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ከእናቱ ጋር እንኳ ሲያወራ እሷ በአማርኛ ትጠይቃለች፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ነገር ግን ኦክላንድ ባለው የባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ከሕግ ጋር እንዳይጋጭ በሚመረምረው ክፍል ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሌላ ሰው ስለሌለ፣ የአማርኛው ጽሑፍ ሁሉ በእሱ ጆሮ ያልፋል። ጽናት ታነብለታለች፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ከዚያ ይፈርማል።

ጽናት የምትሠራው ማርኬቲንግ ክፍል ነው። ያን ቀን ይዛለት የመጣችው ለአዲሱ የቁጠባ ሂሳብ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ከሥዕሉ ሥር የሚወጣውን ካፕሽን ነበር። ትርጉሙን የሠራው ባንኩ የቀጠረው ድርጅት ነው።

«አራት በመቶ ዓመታዊ ወለድ! ገንዘብዎ ይደግ!» ብላ ጀመረች። ቀጥላ «ውሎችና ሁኔታዎች ተፈጻሚ ይሆናሉ» አለች።

ናዖድ ዓይኑን ገለጠ። «ስታር አለው?»

«እንዴት አወቅክ?»

«ቮይስሽ ዝቅ አለ።»

ጽናት ሳቀች። እውነትም ከአራቱ በመቶ አጠገብ ኮከብ ነበረች፤ ከታች ደግሞ ጉንዳን በሚያክል ፊደል የተጻፈ አንድ አንቀጽ።

«እማዬ ይሄን ብታነብ ስታሩን አታይም» አለ ናዖድ። «ሕጉ ደግሞ ወለዱን ከተናገርሽ የቀረውንም ተናገሪ ይላል። ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ በስንት እንደሚከፈት፣ ምን እንደሚቆረጥ። ስታሩን አውጪና በኖርማል ቮይስ አንብቢልኝ።»

ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ እንደ አዲስ ጻፈችው። የትርጉሙን ድርጅት ቃላት ትታ፣ ሳን ሆዜ በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናቸው ከአምልኮ በኋላ አንዱ ሌላውን ቢጠይቀው እንዴት አድርጎ እንደሚያስረዳው እያሰበች ነበር የጻፈችው። ከሰዓት በኋላ ይዛ ተመለሰች።

«ይህ ሂሳብ በመቶ ዶላር ይከፈታል። ከከፈቱበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት አራት በመቶ ዓመታዊ ወለድ ያገኛሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ወለዱ ይወርዳል። ዛሬ ባለው ተመን ሩብ በመቶ ይሆናል፤ ይህንንም ባንኩ በማንኛውም ጊዜ ሊቀይረው ይችላል። ገንዘብዎን በፈለጉ ቀን ማውጣት ይችላሉ። ነገር ግን ሂሳቡ ከመቶ ዶላር በታች ከወረደ በየወሩ አምስት ዶላር እንቆርጣለን፤ ይህም ወለዱን ሊበላው ይችላል። አራት በመቶው እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ ለሚከፍቱ ነው።»

ናዖድ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ቆንጆ ነው። ሁሉም ገባኝ። እኔን ከገባኝ ማንንም ይገባዋል።» ትንሽ አሰበና፣ «ግን ሁሉም አማርኛ ሆኖ ሴፕቴምበር ለምን እንግሊዝኛ ሆነ? መስከረም አይደል?» አለ።

«መስከረም» አለች ጽናት። ቃሉ ደስ የሚል ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ ከመጣች ወዲህ የቤት ኪራዩም ደመወዙም የሚቆጠረው በዚህ አገር ወር ነው፤ መስከረምን የምታስበው ለዘመን መለወጫ ብቻ ነበር። ሴፕቴምበርን አጥፍታ መስከረም ብላ ጻፈች። ናዖድም ፈረመ።

የማርኬቲንጉ ኃላፊ ግሎሪያ የእንግሊዝኛውን ፍቺ አንብባ የተከራከረችው በአንድ ቃል ብቻ ነበር። «‹ይወርዳል›? ማስታወቂያ ላይ ‹ይወርዳል› የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ‹ይስተካከላል› በሉት።»

«ከአራት ወደ ሩብ የሚሄድ ነገር ይወርዳል እንጂ አይስተካከልም» አለች ጽናት።

ግሎሪያ ትከሻዋን ሰብቃ አለፈችው። ካፕሽኑ ወጣ። ሰው ተቀባበለው፤ የቤተ ክርስቲያኑ የቴሌግራም ቡድን ውስጥም ገባ። አንድ ሰው ከሥሩ፣ «ባንክ እንዲህ በግልጽ ሲናገር ገና ዛሬ ሰማሁ፤ ተሸወድን እንዴ?» ብሎ ጻፈና ብዙ ሰው ሳቀለት።

ኦክቶበር 7 ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ፋንታዬ ደወሉ። ሚልፒታስ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ በገጣጣሚነት የሚሠሩ፣ በቤተ ክርስቲያን የጽናትን ቤተሰብ ከመጡበት ቀን ጀምሮ የሚያውቁ ሴት ናቸው።

«ጽናትዬ፣ ሥራ ላይ ነሽ? አላስቸግርሽም።»

«ኧረ ምንም አይደል፣ እትዬ። ምን ልታዘዝ?»

«ያ ሂሳባችሁን ዛሬ ሳን ሆዜ ቅርንጫፍ ሄጄ ከፈትኩት። አሁን አፑ ላይ ሳየው ዜሮ ነጥብ ሁለት አምስት ይላል። አራት አልነበር ያላችሁት?»

ጽናት አዘነች። «እትዬ፣ እሱ እኮ አልፏል። እስከ ሴፕቴምበር ሠላሳ ለከፈቱ ነበር።»

«የምን ሴፕቴምበር? እስከ መስከረም ሠላሳ ነው የሚለው፤ ይኸው ስልኬ ላይ አለ። ዛሬ መስከረም ሃያ ሰባት ነው። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ልሳም ብላ ሺፍት ቀይሪኝ ብላኝ ነው ማታ የምገባው። እኔ ጴንጤዋ ቀኑን ከእሷ ነው የምሰማው።»

ጽናት ካፕሽኑን ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተች። መስከረም 30 ይላል። መስከረም 30 ማለት ኦክቶበር 10 ነው።

«ስሚ ልጄ» አሉ እትዬ ፋንታዬ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። «ሌላ ባንክ የዓመት ተቀማጭ ነበረኝ። ጊዜው ሲደርስ ላድሰው ወይም ላወጣው ጥቂት ቀን ሰጡኝ። ቢታደስ ሦስት ተኩል ይሰጡኝ ነበር። የእናንተን አንብቤ ነው ያወጣሁት። አሥራ ስምንት ሺህ ዶላር፤ ያለችኝ እሷው ናት። የሕፃናት ማቆያ ቤቴ ውስጥ ልከፍት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ግቢው ካልታጠረ ፈቃዱን አይሰጡኝም። ወለዷን ለአጥሩ ነበር ያሰብኳት።»

«ሲከፍቱ ያስፈረሙዎት ወረቀት ነበር?»

«ነበር፤ በእንግሊዝኛ። ልጁ እዚህ ጋ ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምኩ። የአማርኛውን አንብቤ መጥቻለሁ ብዬ ነዋ! እናንተ ናችሁ የጻፋችሁት።»

«እትዬ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ። እኔ ራሴ ኮል አደርግልዎታለሁ።»

ግሎሪያ ነገሩን ስትሰማ ብዙም አልደነገጠችም። «አንድ ቃል ነው። አሁኑኑ ኤዲት አድርጊው። ወደ ሴፕቴምበር መልሺው። ሴትዮዋም የፈረመችው ትክክለኛው ወረቀት ነው፤ ሩብ በመቶ ይላል።»

«ኤዲት ካደረግሁት ሌሎች ሰዎች ያነበቡትን ደበቅነው ማለት ነው» አለች ጽናት። «ናዖድ ሳያውቅ አልነካውም።»

ሁለቱም ናዖድ ክፍል ገቡ። ጽናት አስረዳችው። ናዖድ በመጀመሪያ ተከላከለ።

«እኔ የሰማሁት ሴፕቴምበር ነው። አንቺ መስከረም ስትዪ እኔ ሴፕቴምበር ሰማሁ።»

«አንተ ሰማህ። እሳቸው አነበቡ።»

«ስንት ሰው በኢትዮጵያ ካላንደር ይኖራል እዚህ?»

«እናትህን ጠይቃት።»

ናዖድ ሳያቅማማ ስልኩን አንስቶ ድምፁን ከፍ አደረገ። እናቱ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ከኋላቸው የዕቃ መደርደሪያ ጋሪ ይንኳኳል።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መስከረም ሠላሳ መቼ ነው?»

«ምን ሆንክ አንተ፣ ዛሬ ባማርኛ?»

«ዝም ብለሽ ንገሪኝ፣ እማ።»

«ገና ሦስት ቀን አለው። ምነው፣ ልታገባ ነው?»

ጽናት አፏን በእጇ ያዘች። ናዖድ ጆሮው ቀልቶ «አይ፣ ለሥራ ነው» ብሎ ዘጋው።

«ምን አሉ?» አለች ግሎሪያ።

«ሦስት ቀን ቀረው አሉ።» ናዖድ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ማስታወቂያው አሳሳች ነው። ማሳሳት ባንፈልግም አሳሳች ነው። በኋላ ትክክለኛ ወረቀት ማስፈረማችን ማስታወቂያውን አያስተካክለውም። ኤዲት ማድረግም አይቻልም፤ መጀመሪያ እንዳለ ቅጂው ይቀመጣል። ለአለቆቼ ዛሬውኑ አቀርባለሁ። የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አማርኛ ተናጋሪ ለሆኑት ብቻ ይሰጣቸው» አለች ግሎሪያ።

«ማን በምን ቋንቋ እንዳነበበ በምን እናውቃለን? እስከ አሥረኛው ቀን የከፈተ ሁሉ አራት በመቶ ያገኛል። እኔ የማቀርበው ይሄንን ነው።»

«ይሄ ስንት እንደሚያስወጣን ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ነገ ይነግሩኛል።»

ጽናት ያን ማታ ለእትዬ ፋንታዬ ደውላ፣ ገና መልስ እንዳልተገኘ፣ ቃል ልትገባላቸውም እንደማትችል ነገረቻቸው። እሳቸውም «እሺ፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ» አሉና ዘጉ። ቢቆጡ ይቀላት ነበር።

መልሱ የመጣው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ባንኩ እስከ ኦክቶበር 10 ለከፈቱ ሁሉ፣ በየትኛውም ቋንቋ ያንብቡ፣ አራት በመቶውን ከከፈቱበት ቀን ጀምሮ እንዲያስብ ተወሰነ። ከዚህ በኋላም የአማርኛ ጽሑፍ ፊደል በሚያነብ ሌላ ሰው ሳይታይ አይወጣም። ግሎሪያ ውሳኔውን ስታስተላልፍ፣ «መስከረምሽ ተወደደብን» አለች፤ ፊቷ ላይ ግን ቁጣ አልነበረም።

ጽናት የእርማቱን ካፕሽን ጻፈች። «ባለፈው ጽሑፋችን ቀኑን ስንተረጉም ተሳስተናል። ሴፕቴምበር 30 ለማለት መስከረም 30 ብለናል። ስለዚህ ያነበቡትን እናከብራለን። አራት በመቶው እስከ መስከረም 30፣ ማለትም እስከ ፊታችን ዓርብ ኦክቶበር 10 ድረስ ለሚከፍቱ ሁሉ ነው። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው።» ከሥሩም ሌላውን ሁሉ፣ «ይወርዳል» የሚለውን ጭምር፣ አንድም ሳታስቀር ደገመችው።

ከዚያ ለእትዬ ፋንታዬ ደወለች። የሥራ ዕረፍት ሰዓታቸው ነበር።

«ተስተካክሏል፣ እትዬ። አራት በመቶ ሆኗል። ነገ አፑ ላይ ያዩታል።»

«እልልል!» አሉ እትዬ ፋንታዬ፤ ከአጠገባቸው ሰው ሳቀ። «ተባረኪ። ዓርብ ድረስ ከሆነ እንግዲያው እዚህ አብራኝ ለምትሠራው ለስንታየሁም ልንገራት፤ የእኔን ሰምታ አልፎብኛል ብላ ተክዛ ነበር።»

«ይንገሯት። መቶ ዶላሩ እንዳይጎድል ግን ይንገሯት፤ አምስት ዶላር ይቆረጣል።»

«አንብባዋለች፤ ሁላችንም አንብበነዋል።» አሉና ቀጠሉ። «ጽናትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። ዓመቱ ሲያልቅ ገንዘቤን አንድም ቀን አላሳድራትም፤ አወጣታለሁ። ሩብ በመቶ ብላችኋላ!»

«ምን ያስቀይመኛል፣ እትዬ? ‹ይወርዳል› ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«እንደዚያ ነው» አሉ እትዬ ፋንታዬ፤ ደወል ተሰማና ወደ ሥራቸው ገቡ።