ግርጌውን ማን ያያል

አናጺው ስለ ራሱ ሲያስጽፍ አይሰስትም። ለቅዳሜው የበር ሥራ ሥልጠና በተበተነው በራሪ ወረቀት ላይ «የእንጨትን ነፍስ የሚያነብ፣ ባለ ራዕይ፣ በሙያው አቻ ያልተገኘለት ታላቅ ሰው» አሰኝቶ ነበር። ወረቀቱ በየሱቁ ተለጠፈ። የደወለለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የጠየቀው ስብከቱ ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ነው።

ነገሩ ለአናጺው የሚያስቅ አልነበረም። የፋብሪካ የብረት በር ገበያውን ከነጠቀው ወዲህ እጁን አጣጥፎ የሚውልበት ቀን በዝቷል፤ የቀረችለት ተስፋ ሥልጠናው ናት። ሥልጠናው የሚሰጥበት አዳራሽ ኃላፊ ደግሞ እስከ ዓርብ በቂ ሰው ካልተመዘገበ ቦታውን ለአንድ የዳንስ አስተማሪ እሰጣለሁ ብለውታል። በዳንስ መሸነፍን ደግሞ ሊቀበለው አልቻለም።

ስለዚህ ሚስቱን አስከትሎ ወደ ማተሚያ ቤቱ ተመለሰ።

«አዲስ አምጥቻለሁ» አላት አታሚዋን፣ የታጠፈ ወረቀት እየዘረጋ። «ያኛው ትንሽ ትሕትና በዝቶበት ነበር። እዚህ ላይ ‹ዕውቅ› የምትለዋን ጨምሬበታለሁ።»

አታሚዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አነበበች። የሰውን ሙገሳ ስታትም የኖረች ሴት ስለሆነች በቀላሉ አትደነግጥም።

«ጋሼ፣ ሁሉም ነገር አለበት» አለች። «በር ብቻ ነው የሌለበት።»

«እንዴት ማለት?»

«ምንድን ነው የሠሩት? ሰው ሄዶ በዓይኑ የሚያየው ነገር ይኑር እንጂ። ‹አቻ የሌለው›ንማ ባለፈው ሳምንት ለጥርስ ሐኪሙም አትሜለታለሁ።»

ሚስቱ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። አናጺው ግን ደሙ ፈላ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሠራሁት ጠፍቶሽ ነው? ይኼ የምትገቢበት የምትወጪበት በር የማን እጅ ነው? ጻፊ! ‹የማተሚያ ቤቱን በር ሄዳችሁ እዩ› በይልኝ!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ጻፊ አልኩሽ! ሥራዬ ይመስክር!»

ይህን ብሎ ደረቱን ነፍቶ ሊወጣ በሩን ገፋ። በሩ ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ገፋ። በትከሻው ገፋ። አታሚዋ ከወንበሯ ተነሣች፣ እጀታውን ወደ ላይ ሳብ አደረገች፣ የታችኛውን ጥግ በጫማዋ አንዴ መታችው፤ በሩ እያቃሰተ ተከፈተ።

«ክረምት በገባ ቁጥር እንዲሁ ነው» አለች። «እርስዎ እንዳይቀየሙኝ ብዬ እንጂ።»

«ዝናቡ ነው» አለ አናጺው። «ማጠፊያውም ላልቷል። ቤቱ ራሱ ትንሽ ሳይሰምጥ አልቀረም።» ከሰማይ እስከ መሠረት ጥፋተኛ ያልሆነው እሱ ብቻ ነበር።

«እስቲ ከሥሩ ዳብሰው» አለችው ሚስቱ።

ጎንበስ ብሎ ዳበሰው። ግርጌው ቀለም ነክቶት አያውቅም፤ ሻካራና እርጥብ ነው። በር ከመሰቀሉ በፊት አናቱና ግርጌው ይቀባል፤ አለዚያ እንጨቱ በዚያ በኩል እርጥበት እየጠጣ ያብጥና መቃኑን ይነክሳል። ይህን የማያውቅ አናጺ የለም፤ እሱም ያውቃል። ግን ቸኩሎ በመጀመሪያ ሰቀለው፣ ከዚያ ቀባው። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

«የቀለሙን ቆርቆሮ ይዤልህ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ። «ግርጌውስ ብልህ፣ ‹ግርጌውን ማን ያያል› አልከኝ።»

አፈረ። በሰው ፊት ለይምሰል እንደሚታፈረው ሳይሆን፣ ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ጨምድዶ ኪሱ ከተተው፤ ከዚያ እንደሚናዘዝ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስጻፈ።

«‹ሠላሳ ዓመት የእንጨት በር ሠርቷል። ከሠራቸው አንዱ ይህ ወረቀት የታተመበት ቤት በር ነው፤ ክረምት ሲገባ ይጣበቃል። ለምን እንደሚጣበቅና እንዴት እንደሚቃና ያሳያል። የሚጣበቅ በር ያለው ነቅሎ ይምጣ።›»

«ራዕዩስ?» አለች አታሚዋ።

«ተይው በቃ።»

ወረቀቱ በወጣ ማግስት ስልኩ ማረፊያ አጣ። ስለ ስብከት የጠየቀ አልነበረም። ዓርብ ዕለት የዳንስ አስተማሪው ሌላ አዳራሽ ፍለጋ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰዉ በሩን በትከሻው፣ በጋሪ፣ በመኪና ጣሪያ ላይ እየጫነ መጣ። አዳራሹ ሞላ። በሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተሰለፉ፤ የአናጺው ልብ በደስታ ልትዘል ደረሰች። በበሮቹ ፊት እየተራመደ ለሠልጣኞቹ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ትምህርቱን ሊጀምር የመጀመሪያውን በር ገለበጠ። ግርጌው ባዶ እንጨት ነው። የእንጨቶቹን አገጣጠም አየው፤ የገዛ እጁ ሥራ ነው። ሁለተኛውን ገለበጠ፤ የእሱው ነው። ሦስተኛውን ገልብጦ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። በሩን ይዞ የመጣ የድሮ ደንበኛው ሁሉ ክንዱን አጣምሮ ያየዋል።

ሚስቱ የቀለሙን ቆርቆሮ አቀበለችው።

«አይዞህ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሙያህ አንድ ቀን እንኳ አልተዛነፈም» አለችው።