ከአራቱ አንዱን ምረጪ

ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ያጠብኩ ሴት ነኝ። ዛሬ የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ ይበሉኝ እንጂ እጄ ከሳሙና አልወጣም። ደስ ያላለኝን ነገር ፊት ለፊት እናገራለሁ፤ ሆዴ ውስጥ የሚያድር ነገር የለም። ምራቴ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ዝም! ሁለት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ከአፏ የሚወጣው "እትዬ፣ ደህና አደሩ" እና "እትዬ፣ ደህና እደሩ" ብቻ ነው። ስጠራት ትመጣለች፣ ስልካት ትሄዳለች፣ ከዚያ ክፍሏ ገብታ ዝግት። ልጄ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። አፏን የፈታችው በሌላ ቋንቋ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን የእኛንም ጥሩ አድርጋ ትናገራለች። ስለዚህ ኩራት ነው ብዬ ደመደምኩ።

እሷም እዚያው ሆስፒታል ጽዳት ላይ ነው የምትሠራው። ባለፈው ክረምት የጽዳቱ ሥራ ለተቋራጭ ሊሰጥ ነው፣ የእናንተ ኮንትራት በወሩ መጨረሻ ያበቃል ተባሉ። ካርድ ክፍል ግን ሦስት ቦታ ተከፍቷል፤ ፈተናውን ያለፈ ይገባል። አርባ ጥያቄ ነው፣ ማለፊያው ሃያ ስምንት። ካለፈች ወንበርና ጠረጴዛ አላት፤ ከወደቀች ቤት መቀመጥ ነው።

ቁጥሩንም፣ በፊደል ተራ መደርደሩንም ውሃ አድርጋ ትጠጣዋለች። አሥሩ ጥያቄ ግን ፈሊጣዊ አነጋገር ነው። የበሽተኛ ካርድ ለመፈለግ ፈሊጥ ምን ያደርጋል? እኔን ከጠየቃችሁኝ ምንም! ማን ይጠይቀኛል?

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መተኮሻው ክፍል ስገባ፣ የተጣጠፈ አንሶላ ክምር ላይ የመለማመጃ ወረቀቷን ዘርግታ እርሳሷን ስትነክስ አገኘኋት።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም፣ እትዬ።"

ወረቀቱን ነጥቄ አየሁት። ከአሥሩ ሦስት አግኝታለች። "ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው" የሚለው ላይ "የዓይን ሕመም ያለበት" የሚለውን ከብባለች።

"በስመ አብ! አንቺ ልጅ፣ ይሄንን ሕፃን ያውቀዋል!"

"እኔ ሕፃን ሆኜ አልሰማሁትም" አለችኝ ረጋ ብላ። እውነቷን ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

እኔ መምህር አይደለሁም፤ ግን በየቀኑ የምናገረው ነገር ከየት እንደመጣ ሳስበው ሁሉም ሥዕል ነው። "አታንብቢው፣ እዪው" አልኳት። "ሰውዬው ዓይኑን በጨው አጠበ። ምን ይሆናል?"

"ይቃጠላል።"

"ተቃጥሎ ተቃጥሎ ከለመደስ?"

አሰበች። "ምንም አይሰማውም። ሰው ቢያየውም ዓይኑን አይሰብርም።"

"እንግዲያ የትኛው ነው?"

"ሐፍረት የሌለው!" አለችና ሳቀች። በሁለት ዓመት ውስጥ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጥርሷ እንዴት እንደሚያምር እንኳ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ምሳችንን እዚያው ሆነን እየተጎራረስን... ምኑን መጎራረስ፣ እየተነታረክን ነበር የምንበላው። ሕግ አወጣን። መጀመሪያ ሥዕሉን ታየዋለች። ቀጥሎ ሥዕሉን ቃል በቃል የሚደግመውን መልስ ትሰርዛለች፤ ፈታኞቹ ወጥመድ አድርገው የሚያስቀምጡት እሱን ነውና። ከዚያ ነገሩ ለክፉ ነው ወይስ ለደግ ብላ ትጠይቃለች፤ ያልገጠመውን ትሰርዛለች። "ጆሮ ዳባ ልበስ አለ" ሲመጣባት፣ ዳባ ማለት የሚደረብ ልብስ ነው አልኳት እንጂ ሌላ አልጨመርኩም። "ጆሮውን ሸፍኖ... እየሰማ እንዳልሰማ ሆነ" አለች። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከሦስት ወደ ስድስት፣ ከስድስት ወደ ሰባት ወጣች። እኔም ደረቴን ነፋሁ፤ ሠራተኛ የሚያሠለጥነውን የሆስፒታሉን ሰውዬ እንኳ ሥራህን ነጠቅኩህ ብዬዋለሁ።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው አንዱ ጥያቄ እንዲህ ይላል። "ሕፃኑ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ሳየው አንጀቴን በላው።" ሀ፣ ሆዴን አመመኝ። ለ፣ አሳዘነኝ፣ ራራሁለት። ሐ፣ ጎዳኝ፣ ጠላሁት። መ፣ አስራበኝ።

ሀንና መን ወዲያው ሰረዘች። ከዚያ ምንም ሳትጠራጠር ሐን ከበበች።

"ምን ነካሽ? ለ ነው እንጂ!"

"እንዴት ይሆናል፣ እትዬ? አንጀትን የሚበላ አውሬ ነው። ክፉ ነው።"

"ሥዕሉ ክፉ ነው፣ ነገሩ ግን ደግ ነው! አንዷ በጣም ስታሳዝነኝ፣ እቅፍ ላድርጋት ስል፣ አንጀቴን በላችው እላለሁ። ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን አላነበብሽውም እንዴ? የሚያለቅስ ሕፃን አይቶ ማን ይጠላል?"

እርሳሷ ከእጇ ወደቀ፣ አላነሳችውም።

"እትዬ" አለች በመጨረሻ፤ "የመጣሁ ዕለት እንዲህ ብለውኛል።"

"ምን ብዬ?"

"ዝናብ ነበር። ጫማዬ በስብሶ በር ላይ ቆሜ ነበር። እርስዎ ለጎረቤትዎ፣ ይቺ ልጅ አንጀቴን በላችው አሏት። ሰማሁ። ቃላቱን ሁሉ አውቃቸው ነበር። ገና ሳልገባ ምን አደረግኳቸው አልኩ። ከዚያ በኋላ እንዳልጎዳዎት ብዬ ራቅ አልኩ።"

ቀኑን አስታወስኩት፤ ሻንጣዋ አንድ፣ ፀጉሯ ላይ ውሃ። ፎጣ ያመጣሁላት እኔው ነኝ፤ ፎጣውን ይዛ ስትንቀጠቀጥ ብርድ መስሎኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ኩራተኛ ስላት፣ እሷ እኔን ስትሸሽ።

"ለ ነበር" አልኳት። "ያኔም ለ ነበር፣ ልጄ።"

ቀና ብላ አየችኝና እርሳሷን አነሳች። ሐን አጠፋችና ለን ከበበች። ከዚያ ወረቀቱ ጥግ ላይ በገዛ እጇ "ሥዕሉ ይጠቁማል፣ ዓረፍተ ነገሩ ይፈርዳል" ብላ ጻፈች።

የፈተናው ዕለት የተተኮሰ አንሶላ ደግሜ ተኮስኩ፤ ሠራተኞቼን በየምክንያቱ ተቆጣሁ። ውጤቱ በሳምንቱ ካርድ ክፍል በር ላይ ተለጠፈ። መነጽሬን ረስቼ ስለነበር እሷ ዝርዝሩን በጣቷ እየተከተለች ወረደች፤ ስሟ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

"ሃያ ስምንት" አለች።

"ማለፊያው ስንት ነበር?" አልኩ፤ እያወቅኩ።

"ሃያ ስምንት።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "እንግዳው ደጃፉ ላይ ጫማውን አውልቆ ገባና ለሽማግሌው እጅ ነሳ፣ የሚል መጣብኝ። ሰምቼው አላውቅም። ሥዕሉ እጅ መከልከል ነው፣ አለመጨበጥ። ሀ እሱ ነበር። ልከብበው ስል እርስዎ ትዝ አሉኝ። ጫማውን አውልቆ የገባ ሰው ሊያኮርፍ አልመጣም አልኩ። አክብሮ ሰላምታ ሰጠ የሚለውን ከበብኩ። ልክ ነኝ?"

ልክ ነሽ ልል አፌን ከፈትኩ። እኔ፣ ሰው ፊት አልቅሼ የማላውቀው ሴትዮ፣ በሽርጤ ፊቴን ሸፍኜ መተላለፊያው መሃል ተንሰቀሰቅኩ። ካርድ የሚጠብቁት በሽተኞች ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ምራቴ ሽርጡን ከፊቴ ላይ ቀስ ብላ ሳበችው። ሁልጊዜ በሹክሹክታ የምታወራው ልጅ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

"እማዬ፣ ይተዉ እንጂ። አንጀቴን በሉት።"