ለዓለምጸሐይ ልደት የተጻፉ አራት መስመሮች

በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ድሬሰሩ ላቀው የተጨማደደ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። ወደ ከተማችን መካነ ኢየሱስ ከመጣ ገና ስድስት ወሩ ነበር። በጤና ጣቢያው ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ ልጅ ነው።

«ጋሽ ደምሌ፣ እሑድ የዓለምጸሐይ ልደት ነው» አለኝ።

ዓለምጸሐይ አስተማሪ ናት፤ ከግቢዬ አንዷን ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። እኛ አገር ያኔ ሰው የተወለደበትን ቀን የሚያስበው በታቦቱ ነው፤ እሷም ብትሆን ለባለቤቴ «የተክለ ሃይማኖት ለት ነው የተወለድሁት» ብላት ነበር። ልደት ብሎ መልእክት መጻፍ አስተማሪዎቹ ያመጡት ነገር ነው። እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለሆንኩ ላቀው የማላውቀው ጽሑፍ ያለ አልመሰለውም።

«አንብበው እስቲ» አልኩት።

«ለሕይወቴ ብርሃን፣ ለነፍሴ መድኅን፣ እንደ ባሕር አሸዋ የበዛ ሰላምታዬ…»

«ቆይ። መድኅን አንድ ነው፤ እሱን ሰርዝ። ከመቼ ጀምሮ ነው የምትተዋወቁት?»

«ከገና ወዲህ። አራት ጊዜ እስከ ድልድዩ አብረን ሄደናል።»

«ቀጥል።»

«ሺህ ዓመት አብረን…»

«ለአራት ጊዜ መንገድ ሺህ ዓመት አይበዛም?»

ሳቀ፤ ሰረዘ። «እወድሻለሁ» የሚለውን ግን በእጁ ሸፈነብኝ። «ይቺን ይተዉልኝ፤ እውነት ነው እኮ!»

«እውነትነቱን መች ካድኩህ። ነገር ግን እንዲህ ስትላት ወይ እኔም ትልሃለች፣ ወይ ዝም ብላ ታፍራለች። በልደቷ ቀን ስጦታ ልትሰጣት ነው ወይስ ልትጠይቃት?»

ትንሽ አሰበና እጁን አነሣ።

«ይልቅ ሌላ ሰው ያላየው ምን አየህባት?»

«ስትስቅ…» አለና አፈረ። «ስትስቅ አፏን ትሸፍናለች፤ ግን ሳቁ ካለቀ በኋላ ነው። ሁልጊዜ ይረፍድባታል።»

«ይኸው! እሱን ጻፍ። ከንፈርሽ፣ ጥርስሽ አትበል፤ ያየኸውን ብቻ።»

ሦስት መስመር ያህል ጻፈ። መጨረሻው ግን ባዶ ሆነበት። እዚህ ላይ ነው እኔ የበደልሁት።

ከገና በፊት ዓለምጸሐይና ባለቤቴ ብርነሽ ግቢ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ፣ እኔ ጎናቸው የድጅኖ እጀታ እጠርብ ነበር። ዝም ስል ሰው ይረሳኛል። ፊደልም የለየሁት ሌሎች ሲማሩ ዳር ቆሜ በመስማት ነው። ዓለምጸሐይ ደብረ ታቦር ስለነበረ አንድ ሰው ታወራ ነበር፤ አርባ ደብዳቤ ጽፎላት ሌላ አገባ። «እትዬ ብርነሽ፣» አለች፣ «ከእንግዲህ ብዙ ቃል የሚገባልኝ ሰው አልፈልግም። ቅዳሜ ብሎኝ ቅዳሜ የሚገኝ ሰው ይበቃኛል።»

ይህን እያወቅሁ ላቀውን «እንዲህ በል» አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት አልነገርሁትም። ተደስቶ በንጹሕ ወረቀት ገለበጠው፦

«ዓለም፣ እንኳን ለልደትሽ በደኅና አደረሰሽ።
ሳቅሽ ካለቀ በኋላ አፍሽን ስትሸፍኚ አይቻለሁ፤ ባስታወስሁት ቁጥር እኔም እስቃለሁ።
ዓመቱ ደስ የሚልሽ ይሁን።
ብዙ ቃል አልገባም፤ ቅዳሜ ግን፣ ከፈቀድሽ፣ ድልድዩ ጋ እገኛለሁ። ላቀው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስተማሪዎቹ ክፍሏ ውስጥ ተሰበሰቡ። ድፎ ዳቦው ላይ ጧፍ ሰክተው አበሩና እፍ ብላ አጠፋችው። እኛ ጧፍ የምናበራው ለጸሎት ነው። ብርነሽ ጠላ ትቀዳለች። ላቀው ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጣት።

«ጮክ ብለሽ!» አለ ፈንታው። የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ባለበት ሁሉ ጸጥታ የለም።

«ምን አገባህ!» አለችውና ለብቻዋ አነበበች። ሳቀች፤ ሳቋ ካለቀ በኋላ አፏን ሸፈነች። ላቀው ሲያያት ፊቱ በራ። በዚያች ቅጽበት አግኝቷት ነበር።

ቀጥላ የመጨረሻውን መስመር አነበበች። መልሳ አነበበችው። ቀና ብላ ብርነሽን አየቻት፤ ብርነሽ ምንም የምታውቀው የለም። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ላቀው፣ አንተ ነህ የጻፍኸው?»

«አዎ።»

«ይቺን የቅዳሜዋንም?»

«ከልቤ ነው» አለ ምስኪን።

«ጋሽ ደምሌ፣ እርስዎ ይመስክሩ። እሱ ነው የጻፈው?»

ሰው ሁሉ ጨዋታ መስሎት ይስቃል። «አብረን ነው የጻፍነው፤ ያቺን ያቀበልሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ስንቱን ምስክር በእግዚአብሔር ስም ሲምል እየሰማሁ የጻፍኩ ሰው፣ «የእጅ ጽሑፉ የራሱ ነው» አልኩ።

«እንግዲያስ ጥሩ» አለች። ከጠረጴዛው ደብተርና ብዕር አንሥታ ሰጠችው። «ሌላ ጻፍልኝ። ስጦታዬ ይሁን። እዚሁ።»

«ፈተና! ፈተና!» አለ ፈንታው። «መኮረጅ ክልክል ነው! ጋሽ ደምሌ፣ ፊትዎን ያዙሩ!»

ላቀው ተቀመጠ። ጻፈ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ። ላቡ ደብተሩ ላይ ጠብ ሲል አየሁ። ዓይኑን ወደ እኔ ሲሰድ እኔ ጠላዬን አየሁ። ደብተሩን ወሰደችና እንደ ክፍል ተማሪ ድርሰት ጮክ ብላ አነበበችው።

«የሕይወቴ ብርሃን ሆይ፣ ያለ አንቺ መኖር አልችልም። ከዋክብት ቢረግፉ ተራሮች ቢፈልሱ እወድሻለሁ። ሺህ ዓመት…»

«ኧረ ድሬሰሩ ሞተ! መርፌ አምጡለት!» አለ ፈንታው። ተሾመች የምትባለዋ አስተማሪ በሳቅ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ዓለምጸሐይ ቀይ ብዕር አወጣች። «እወድሻለሁ» የሚለውን አሰመረችበት፤ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረገች። ከግርጌው ቁጥር ጽፋ ለሰው ሁሉ አሳየች።

«ከአሥር ሁለት። ሁለቱም ለንጽሕና ነው።»

ላቀውም አብሮ ሳቀ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነበር። ተነሥቶ መሄድ ስላቃተው ዳቦው እስኪያልቅ ተቀምጦ፣ ሰው በሳቀ ቁጥር ይስቅ ነበር። ሲወጣ ደብተሩን እንድትሰጠው ለመናት። «የተማሪ ወረቀት አስተማሪው ጋ ነው የሚቀመጠው» አለችው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ድልድዩ ጋ ቆሞ አገኘሁት። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ሰላም ብለው አልመለሰልኝም። ዓለምጸሐይ በላይኛው መንገድ ከተሾመች ጋር ወጥታ ነበር፤ አይቻታለሁ፤ አልነገርሁትም።

ማታ ጓሮ ልብስ ስታወርድ ቀረብኳት።

«ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የቅዳሜዋን ቃል ያን ቀን ከአንቺ ሰምቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሱ የማን እንደሆነች እንኳ አያውቅም።»

«አውቄዋለሁ፣ ጋሼ። እሑድ ቢነግሩኝ ኖሮ እስቅ ነበር። እሱም ‹ጋሽ ደምሌ ረድተውኛል› ቢለኝ ኖሮ ዛሬ እሄድ ነበር።»

«ስለ ሳቅሽ የጻፈው ግን የራሱ ነው። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፤ ከአፉ ነው የሰማሁት።»

ነጠላዋን አጣጥፋ ክንዷ ላይ አደረገች።

«እሑድም እኮ ምስክር አድርጌ ጠይቄዎት ነበር» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አሁን የራሱ መሆኑን በምን ልወቅ?»

መልስ ጠብቃ ቆመች። ገመዱ ላይ የቀረውን ልብስ አውርጄ ሰጠኋት። ልብሷን ይዛ ገባች።