ለመስታወት የወጣ ዕቅድ

አዲሷ የሳይንስ መምህርት የትምህርት ዕቅዷን ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ስታቀርብ ልቧ ሙሉ ነበር። መግቢያ አምስት፣ ዋና ተግባር ሠላሳ፣ ማጠቃለያ አምስት፤ ድምሩ ልክ አርባ ደቂቃ።

"ሞክረሽዋል?" አሏት ሽማግሌው ኃላፊ።

"ቤት ውስጥ፣ መስታወት ፊት ቆሜ ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ።"

"መስታወት እኮ እስክሪብቶ አይዋስም፣ ልጄ። ወንበር ጎትቶም ቡድን አይሠራም።"

ተናደደች። ክፍል ስትገባ ግን እሳቸው ያሉት ሆነ። ሃምሳ ተማሪ ተቀምጦ ጸጥ እስኪል አምስቷ ደቂቃ ጥርግ ብላ አለቀች። ወንበር ማዞሩ ሌላ ስድስት በላ። ወደ ማጠቃለያው ልትገባ አፏን ስትከፍት ደወሉ ቀደማት።

ከሰዓት በኋላ መስታወቱን ረስታ ዕቅዱን እንደ አዲስ ጻፈችው። ለመቀመጫና ያለፈውን ለመከለስ ስምንት ደቂቃ ሰጠች። ለዋናው ተግባር ከያዘቻቸው ሦስት የሳይንስ ሙከራዎች ሁለቱን ሰርዛ፣ ወንበር ማዞሩን ጨምሮ ለቡድን ሥራው ሃያ ሁለት መደበች። የቀረው አሥር ለማጠቃለያ ሆነ።

በማግስቱ ኃላፊው ሌላውን ክፍሏን ሊያዩ መጥተው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ሙከራው አልቆ ወንበሮቹ ተመልሰው ነበር።

"ዛሬ የገባችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ" አለች መምህርቷ። "ጎብኚም አይቀርም።"

ተማሪው ሁሉ አቀረቀረ። ከኋላ አንድ እጅ ወጣ።

"እስክሪብቶ የሚያውሰኝ አለ?" አሉ ኃላፊው።

"ቀስ ብለው ይዋሱ፣ ጋሼ" አለች ሰዓቷን እያየች። "ለእሱም አንድ ደቂቃ ይዣለሁ።"