ማስተንፈሻው ላይ የበቀለ ሽንኩርት

ባሌ ሱሌይማን ባዶ ቦታ አይቶ ማለፍ አይችልም። ከአጥር ሥር ክንድ የምታህል መሬት ካገኘ ቃሪያ ይተክልባታል። ትጋቱን እወድለታለሁ፤ ግትርነቱ ግን አንጀቴን ያሳርረዋል።

ከቤታችን በላይ ያለው የአፈር ግድብ ከብቶቻችንን ያጠጣል፣ ሽንኩርቱንና ማሾውን ያለማል። ከጎኑ ድንጋያማው ኮረብታ ተቆርጦ ሰፊ ቦይ ወጥቶለታል። ማስተንፈሻ ነው፤ ግድቡ ሲሞላ ትርፉ ውሃ በዚያ ወርዶ ወንዝ ይገባል። ከማስተንፈሻው አፍ እስከ ግድቡ አናት ደግሞ ወገብ የሚደርስ ከፍታ ተትቷል። የወረዳዋ መሐንዲስ ትንሣኤ በስብሰባ ላይ፣ «ያ ክፍት ቦታ የደራሽ ጎርፍና የማዕበል ነው፤ የእናንተ አይደለም» ብላን ነበር። ውሃ አንዴ በአናቱ ላይ ከፈሰሰ የግድቡን ጀርባ እየሸረሸረ እንደሚንደውም ነገረችን።

ማን ሰምቷት። ዝናቡ አንሶ ማስተንፈሻው ሳይፈስበት ስለከረመ ሱሌይማን ሐምሌ ላይ የቦዩን ደለል ቆፍሮ ሽንኩርት ተከለበት። ክረምቱ ሲወጣ ግድቡ ሞላ። የከብት ባለቤቶቹ በጋሼ ሙሳ መሪነት ለበጋ ውሃ ይትረፍልን ብለው የማስተንፈሻውን አፍ አሸዋ በተሞሉ ማዳበሪያዎች ከዳር እስከ ዳር ዘጉት። ክምሩ ጉልበቴን ያልፍ ነበር። ትንሣኤ አይታ አንሱት ብላ ሄደች፤ እነሱ እሺ ብለው እንዳለ ተዉት። ባሌ ሽንኩርቱ ስለተጠበቀለት ደስ አለው። እኔ ግን ቤታችን ከግድቡ ግርጌ ስለሆነ እንቅልፍ አጣሁ።

«ክረምት አልፏል እኮ፣ ሪሀና። አትጨቅጭቂኝ» አለኝ።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ የግድቡ ውሃ በሚመጣበት በጣርማ በር በኩል ጠቆረ። እኛ ጋ ጠብ ያለ ነገር የለም። ትንሣኤ ደወለች።

«ላይ ከባድ ዝናብ ነው። ማዳበሪያዎቹ ተነሥተዋል?»

«የት ተነሥተው።»

«ከግድቡ በታች ያለውን ሰው በሙሉ አውጡ። ከዚያ ከዳር ጀምራችሁ አንሷቸው፤ መሐል እንዳትገቡ።»

ጎረቤቶቼን ጠርቼ፣ አማቴንና ልጄን ናጅዋን ከእነሱ ጋር ወደ ኮረብታው ሰድጄ ወደ ላይ ሮጥኩ። ቀዩ ደራሽ ገብቶ ውሃው በማዳበሪያዎቹ ላይ መንጠባጠብ ጀምሯል። የባሰው ሌላ ነበር። ከብቶቹ ዘወትር የግድቡን አናት እያቋረጡ ሲጠጡ መንገዳቸው ጎድጉዷል፤ ውሃው እዚያ ጋ ለመፍሰስ የቀረው አንድ ስንዝር ነው።

ቀድመውኝ የደረሱት ሱሌይማንና ጋሼ ሙሳ ከአንዱ ዳር ማዳበሪያ እያነሡ የከብቱን መንገድ መድፈን ጀመሩ። ግማሹ ሲከፈት ውሃው በቦዩ አንድ ጎን ወረደ። ሱሌይማን ቆመ። ሽንኩርቱ በሌላው ጎን ነበር።

«ይበቃል፤ ይኸው እየፈሰሰ ነው» አለ።

ውሃው ዳር እንጨት ተከልኩ። ወዲያው ዋጠው።

«የሚገባው ከሚወጣው በልጧል። በግማሽ በር ይህን ሁሉ ታስወጣለህ?»

«ለመነቀል ትንሽ ነው የቀረው፣ ሪሀና። በአላህ!»

ንዴቴ እዚያ ላይ አለቀ፤ አዘንኩለት። ግን ከኋላችን ቤቱ ይታየኛል። ጋሼ ሙሳን፣ «ወገቤን እሰሩኝ» አልኳቸው። በከብት ገመድ አስረው ጫፉን ከኮረብታው ድንጋይ ጋር አጠበቁት። ማጭዴን ይዤ ከዳር ቆሜ እጄ የደረሰባቸውን ማዳበሪያዎች ሆዳቸውን ቀደድኩ። አሸዋው ሲፈስ የቀረው ክምር ተናደ፣ ውሃውም ሽንኩርታችን ላይ ወጣ። ችግኙን እኔም ከእሱ ጋር ተንበርክኬ ተክያለሁ። አለቀስኩ፤ እጄ ግን አልቆመም።

ውሃው የከብቱን መንገድ የደፈኑትን ማዳበሪያዎች አረጠባቸው። እዚያ ላይ ረጋ፣ ቆይቶም መጉደል ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት ሳየው ግድቡ ቆሟል፤ ቦዩ ውስጥ የቀረው ድንጋይ ብቻ ነው። ውሃው እስከ ማስተንፈሻው አፍ ወርዶ ጋሼ ሙሳ ዳር ቆመው ይቆጫሉ።

«ዝናቡ እንደሆነ አለፈ። ከብቶቹ ግንቦት ላይ ምን ሊጠጡ ነው? ማዳበሪያውን እንመልሰው እንጂ» አሉ።

ሱሌይማን ወደ ከብቱ መንገድ ሄዶ አንድ ማዳበሪያ ተሸከመና ወደ ማስተንፈሻው መጣ። ጎህ ከቀደደ ጀምሮ ውሃው ዳር የተፋቸውን ጥቂት ሽንኩርቶች ሲለቅም ነበር።

«እንደገና ልትዘጋው ነው?» አልኩት።

«እንደገና ልተክል ነው። ውሃ ያስፈልገኛል።»

ሄጄ የማስተንፈሻው አፍ መሐል ተቀመጥኩ። ውሃው ቀሚሴን እያራሰ በግራና በቀኜ ያልፋል።

«ላዬ ላይ ደርድረው» አልኩት።

ማዳበሪያውን እንደተሸከመ ቆሞ አየኝ። ከዚያ ወደ ታች ቤታችንን አየ፤ ናጅዋ ደጃፍ ላይ ጭቃ ታቦካለች።

ሱሌይማን ዞረና ማዳበሪያውን ካነሣበት የከብት መንገድ ላይ መልሶ አስቀመጠው። በእግሩ ረግጦ አጠበቀው። ከዚያ መጥቶ እጁን ዘረጋልኝ፤ ጣቶቹ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታሉ።