በማን እጅ ይለካ

ዙበይዳ በሚዛን አብስላ አታውቅም። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰርግ ወይም ሰደቃ ሲኖር ትልቁ ድስት የሚጣደው እሷ ስትመጣ ነው፤ ከገራዶ እንኳ መኪና ልከው የወሰዷት ጊዜ አለ። በርበሬው በጭብጧ፣ ጨው በጣቶቿ ጫፍ፣ ዘይቱ በዓይኗ ይለካል። ሦስት መቶ ሰው በልቶ “ጨው በዛ” ያለ እስካሁን አልተሰማም። ቢኖርም ፊቷ ቆሞ ለመናገር የደፈረ የለም።

ስለዚህ ልጇ ፋኢዛ ከፒያሳ ትንሽ የዲጂታል ሚዛን ገዝታ ወጥ ቤት ስታስቀምጥ፣ ዙበይዳ ዕቃውን ገልመጥ አድርጋ አየችና “ይኼ ደግሞ ምን ሊያስተምረኝ ነው?” አለች።

ሚዛኑ የመጣው በዙበይዳ ባል በሚስባህ ምክንያት ነው። ሚስባህ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ የጫኞች አለቃ ነው፤ ጠዋት በሚኒባስ ይወርዳል፣ ማታ ይመለሳል። በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ሰው ነው። በቅርቡ ስኳር አለብህ ተብሎ ክኒን ጀምሯል። ጤና ጣቢያው የስኳሩን የሦስት ወር አማካይ መርምሮ ዘጠኝ ነጥብ አራት አገኘና፣ “ከሦስት ወር በኋላ ካልወረደ የኢንሱሊን መርፌ እንጨምራለን” አለው። ቢስቲማ ያለው ታላቅ ወንድሙ ጣሀ በዚሁ በሽታ አንድ እግሩን ካጣ ሁለት ዓመቱ ነው። መርፌ ጀመረ፣ ከዚያ እግሩ ተቆረጠ፤ ሚስባህ የሚያውቀው ይህንን ብቻ ነው። መርፌ የሚለውን ቃል በሰማ ቁጥር ዓይኑ ወደ ገዛ እግሩ ይሄዳል። ዙበይዳም ይህን ታያለች።

ሚዛኑ ቤት ውስጥ የቆየው ዘጠኝ ቀን ነው። ፋኢዛ እንጀራውን ትመዝናለች፣ ስልኳን ትነካካለች፣ ቁጥር ታነባለች፤ ወጡ እስኪመዘን እንጀራው ይደርቃል። በዘጠነኛው ቀን ሚስባህ ሰሀኑን ገፋ አደረገ።

“ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሳስመዝን ውዬ እቤቴ ደግሞ ጉርሻዬ ይመዘን? ወላሂ ከዛሬ ወዲያ የኔ ምግብ ሚዛን ላይ አይወጣም!”

ተነሣና ሚዛኑን ቁምሳጥኑ ላይ ሰቀለው። ያን ያህል ቁመት ያለው ሰው ቤቱ ውስጥ ስለሌለ እዚያው ቀረ።

በማግስቱ ዙበይዳ ባሏን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። የስኳር ክትትሉን የያዘችው ሲስተር መሲ የምትባል ፈጣን ልጅ ነች፤ የሚዛኑን ታሪክ ስትሰማ ሳቀች።

“አብሽሩ፣ ያለ ሚዛንም ይሆናል” አለች። “አንድ መካከለኛ ዝርግ ሰሀን ይያዙ። ግማሹ አትክልት ነው፤ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም። ሩቡ እንጀራ፣ ሌላው ሩብ ደግሞ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወይም ምስርና ሽሮ።”

“ድንችስ ከአትክልቱ ነው?” አለች ዙበይዳ።

“አይደለም እናቴ። ድንች የእንጀራ ወገን ነው። ድንች ከገባ እንጀራው ይቀነሳል።” ከዚያ ሲስተር መሲ እጇን ዘረጋች። “ልኩን ደግሞ እጅ ይነግራችኋል። እንጀራው ተጠቅልሎ ጠበቅ ሲል ቡጢ ያህል፤ ሥጋው ጣት ሳይጨምር የመዳፍ ስፋትና ውፍረት፤ ዘይትና ቅቤ የአውራ ጣት ያህል። አትክልት በሁለት እጅ ታፍሶ የሞላ፤ ካልጠገቡ የሚጨመረው እሱ ነው። ስኳር ያለው ሻይና ለስላሳ ግን በእጅም በሰሀንም አይለካም፤ ይቅር። እጅ ጥሩነቱ ሁሌም ከባለቤቱ ጋር ነው፤ ለትልቅ ሰው ትልቅ፣ ለትንሽ ሰው ትንሽ።”

ይህን የመጨረሻውን ቃል ከሁለቱ አንዳቸውም አልሰሙም። ሚስባህ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የቆሰለ እግር ሥዕል እያየ ነበር። ዙበይዳ ደግሞ ደስታ ጆሮዋን ደፍኖታል። በእጅ! ዕድሜዋን ሙሉ ስትለካበት በኖረችው በእጅ!

“ሲስተር፣ ነገሩ ይኼ ከሆነ ጨርሰነዋል” አለች። “እኔ በዚህ እጄ አወርደዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።”

ይህንኑ ለጎረቤት ተናገረች፣ ለዘመድ ተናገረች፣ ቢስቲማ ደውላ ለጣሀም ተናገረች። አፏን መሰብሰብ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

ከዚያች ዕለት ጀምሮ የሚስባህ ምግብ በሰሀን ሆነ። ሃያ ስድስት ዓመት ከአንድ ትሪ የበሉ ባልና ሚስት ሰሀን ለዩ። ይህ ለዙበይዳ ቀላል አልነበረም፤ በሰፈሩ ባልና ሚስት ሰሀን የሚለዩት ተኳርፈው ነውና። የመጀመሪያ ቀን ትሪው ላይ ብቻዋን ቀረበች። ግን ለእግሩ ነው ብላ ቻለችው። እንጀራውን ትጠቀልላለች፣ ቡጢዋን አጠገቡ ታስቀምጣለች፣ የተረፈውን ትቆርጣለች። ሥጋ ሲኖር መዳፏን ትዘረጋለች፤ ጎመኑን በሁለት እጇ ታፍሳለች። ለምሳው የሚይዘው ዕቃም የሚሞላው በዚሁ ልክ ነው። ሚስባህ የቀረበለትን ጥርግ አድርጎ ይበላና “አልሀምዱሊላህ” ይላል። ትንሽ ነው አላለም፤ ጨምሪ አላለም። ዙበይዳን የባሏ እንዲህ ገር መሆን አኩርቷታል።

በሦስተኛው ሳምንት በባዶ ሆዱ ተመረመረ። በመጀመሪያው ቀን በዚሁ ምርመራ መቶ ዘጠና የነበረው ስኳሩ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆኗል።

ሲስተር መሲ ወረቀቱን ሁለቴ አየችው። “ክኒኑን ይውጣሉ?”

“ይውጣል፤ ቆሜ ነው የማስውጠው” አለች ዙበይዳ።

“ከምግቡ ውጪ የሚበሉት ነገር አለ?”

ሚስባህ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ክሩ አልተፈታም ነበር። ዙበይዳ አየችው።

በማግስቱ ከረፋዱ ላይ ሚኒባስ ተሳፈረች። ሐረጎ የሚባለውን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዳ ኮምቦልቻ ስትደርስ ሙቀቱ ነጠላዋን ከትከሻዋ አስወረዳት። አራት ሰዓት ገደማ ነበር። መጋዘኑ በር ላይ ጥበቃውን ጠየቀችና ጥበቃው በአገጩ ማዶ ያለውን ሻይ ቤት አሳያት።

ሚስባህ አግዳሚው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ፊቱ ሁለት ዳቦ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ አጠገቡ የስኳር ጣሳ። በማንኪያ አራት ጊዜ ሲጨምር ቆማ ቆጠረች። ዳቦውን ነከር አድርጎ ሊጎርስ ሲል ጥላዋን አየና ዞረ።

“አሰላሙ አለይኩም” አለች።

“ወአለይኩሙ ሰላም” አለ። ዳቦው እጁ ላይ ቀረ።

አጠገቡ ተቀመጠች። ልትጮህ ነበር የመጣችው፤ ከደሴ እስከዚህ ድረስ የምትለውን ስታዘጋጅ ነው የወረደችው። ግን የባሏ ፊት ከስቷል። ዛሬ ገና ልብ ብላ አየችው።

“ይኼ ከመቼ ወዲህ ነው?”

“ከሁለተኛው ቀን።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

ሚስባህ ዳቦውን አስቀመጠ። “ምን ብዬ? ለጎረቤቱ ሁሉ በእጄ አወርደዋለሁ ብለሻል። ለወንድሜ ሳይቀር ደውለሻል። ራበኝ ብል አንቺን ማሳፈር ነው። ቻልኩት ዙበይዳ፣ ወላሂ ቻልኩት፤ ግን አራት ሰዓት ሲሆን እግሬ ይንቀጠቀጣል። ጫኞቹ ፊት እንዳልወድቅ ነው የምበላው።”

እግሬ ሲል ዙበይዳ ወደ እግሩ አየች። እጇን እጁ ላይ ጫነች፤ ያኔ ነው ያየችው። እጇ የባሏ እጅ ላይ ጠፍቷል። ግማሹን እንኳ አልሸፈነም።

“እስቲ ጨብጥ” አለችው።

“ምን?”

“ቡጢህን አሳየኝ!”

ጨበጠ። እሷም ጨበጠችና አጠገቡ አስቀመጠችው። ሁለት የእሷ ቡጢ ተደምሮ ነው የእሱን አንድ የሚያህለው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን የሚያህል ሰው በዚህች ቡጢ መግባዋለች! “ለትልቅ ሰው ትልቅ፣ ለትንሽ ሰው ትንሽ” ያለችው የሲስተሯ ድምፅ አሁን ገና ጆሮዋ ደረሰ።

“ያረቢ! የራሴን ምሳ ነው ስሰጥህ የከረምኩት!” አለችና በአፏ ላይ እጇን ጫነች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቅ አመለጣት። ሚስባህም ሳቀ። ባለ ሻይ ቤቷ ቡዜ ጉዳዩ ሳይገባት አብራ ሳቀች።

“እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ሰውዬ ያለ ስኳር” አለች ዙበይዳ። “ዳቦም የለም። በዚህ ቡጢ ለክቶ የበላ ሰው ዳቦ አይፈልግም።” የባሏን እጅ ከፍ አድርጋ አሳየች።

የዚያን ቀን ማታ ሚስባህ ራሱ ወጥ ቤት ገባ። ጎንበስ ብሎ እንጀራውን ጠቀለለ፣ ቡጢውን አጠገቡ አኖረ፣ ትርፉን ራሱ ቆረጠ። ድሮ ከሚበላው ሦስት እንጀራ ጋር ሲተያይ አሁንም በጣም ያንሳል፤ ግን ሚስቱ ስትቆርጥለት ከነበረው እጥፍ ነው። ሁለት እጁን ሞልቶ ጎመን አፈሰና የሰሀኑን ግማሽ ያዘበት፤ ያላነሰ ያልበዛ። ዙበይዳ እጇን አጣምራ ቆመች። በወጥ ቤቷ ሌላ ሰው በእጁ ሲለካ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደግሞም አላስከፋትም።

“በላህ?” አለችው ኋላ።

“ጠገብኩ” አለ፤ እውነቱን መሆኑ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ሦስት ወሩ ሞላ። ሲስተር መሲ ወረቀቱን ይዛ ስትወጣ ሚስባህ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ፤ ዙበይዳ የለበሰውን ጋቢ ጫፍ ጨበጠች።

“ሰባት ነጥብ ሦስት” አለች ሲስተሯ። “ጥሩ ነው። መርፌ አንጨምርም። ክኒኑን ግን እንዳያቋርጡ። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እግር የሚያስቆርጠው መርፌ አይደለም፣ ዝም ብሎ የተተወ ስኳር ነው። አንድ ቀን ቢታዘዝልዎትም እንዳይፈሩት።”

ሚስባህ ጎንበስ አለ። ወደ እግሮቹ አየ፤ ሁለቱንም አየ፤ ከዚያ ተቀመጠ። “አልሀምዱሊላህ” አለ።

ያን ዕለት ምሳ ዙበይዳ ትሪውን አወጣች። የሚስባህን ሰሀን በትሪው አንድ ወገን፣ የራሷን በሌላው ወገን አስቀመጠችና ፊት ለፊት ተቀመጡ። እሱ በእሱ ቡጢ፣ እሷ በእሷ ቡጢ ለክተዋል። “ቢስሚላህ” አሉ።

ሊጨርሱ ሲሉ እጇን ወደ ሰሀኑ ሰደደች። ከእሱው ድርሻ እንጀራ ቆረሰች፣ ከእሱው ምስር ጠቀለለችና ወደ አፉ አስጠጋች። ሚስባህ ጉርሻውን አየ። ድሮ የምታጎርሰው አፍ ይሞላ ነበር፤ ይህ የአውራ ጣቷን አያህልም።

“ይኼስ በማን እጅ ነው የተለካው?” አለ።

“ይኼ በኔ ነው” አለች ዙበይዳ። “ክፈት።”

ከፈተ።