ወደ ኋላ የተጻፈ ቀን

ለወገን መራራት መልካም ነው፤ ርኅራኄው በሌላ ሰው ድርሻ ሲፈጸም ግን ስርቆት ነው፤ ስሙን ማለስለስም ከቅጣት አያድንም።

የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ኃላፊ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ከረጢት ያላጎደሉ፣ ሰውም «ሚዛኑ» እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ ነበሩ። በወሩ አምስተኛ ቀን ሰማንያ ከረጢት የበቆሎ ዘር ገቢ ሆነ። እስከ ስምንተኛው ቀን ሰባ ስድስቱ ለተመዘገቡት ወጣ፤ ከወጪ ቀሪ አራት። አራቱ ባሏ የሞተባት የአንዲት ገበሬ ድርሻ ነበሩ፤ እርሷ ግን ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ ሐኪም ቤት ተኝታለች።

በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሳይመዘገብ የቀረው ታናሽ ወንድማቸው መጣ።

«ወንድም ጋሼ፣ ዝናቡ ጀመረ እኮ! ለልጆቼ ድንጋይ ልዝራላቸው?»

አንጀታቸው አልቻለም። «የሚቀጥለው ጭነት ሲመጣ እተካዋለሁ» ብለው አራቱን አሸከሙት። ከዚያም በሴትዮዋ ስም የወጪ ማዘዣ ቆረጡ፤ ሳትታመም የወሰደች እንዲመስል ቀኑን ስድስተኛ አሉት። ወጪው በቀን ተራው እንዲገባም የክምችት ካርዱን በአዲስ ወረቀት ገልብጠው ጻፉ።

ጭነቱ ሳይመጣ፣ በአሥረኛው ቀን ሴትዮዋ ከነድካሟ ከተፍ አለች።

«ጋሼ ሚዛኑ፣ ሞት እንኳ ንቆኝ መልሶኛል! በሉ ዘሬን ስጡኝ።»

ድምፁን ሰምታ የማኅበሩ ሒሳብ ሹም መጣች፤ የሽማግሌው የገዛ ልጅ ነበረች። ካርዱን አየች፤ ቀሪ የለም። ወለሉን አየች፤ ባዶ ነው። ሁለቱ ገጥመዋል። የማዘዣውን ጥራዝ ስትገልጥ ግን እጇ ቀጥ አለ።

«አባዬ፣ ቁጥር መቶ ሠላሳ በስምንተኛው ቀን ተቆርጧል። መቶ ሠላሳ አንድ እንዴት በስድስተኛው ይቆረጣል?»

ቀኑን እሳቸው ይጽፉታል፤ ቁጥሩ ግን በጥራዙ ላይ አስቀድሞ የታተመ ነው። ይህን ለልጃቸው ያስተማሯት ራሳቸው ነበሩ።

«አጥፍቻለሁ፤ ለአጎትሽ ሰጠሁት» አሉ።

ልጅቱ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ኮታቸውን ከሚስማሩ አውርዳ በትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። «ይሂዱና ያምጡት፣ አባዬ። ሪፖርቱን ግን እጽፈዋለሁ።»

«ጻፊው እንጂ! ባትጽፊው ነው የማፍርብሽ።»

ወንድምየው ሁለቱን ከረጢት ዘርቶ ጨርሷል። የቀሩትን ሁለት አስመለሱ፤ ሁለቱን ደግሞ ለገዛ ማሳቸው ከወሰዱት ድርሻ አሟሉ። እሳቸው እየነገሯት ልጃቸው በካርዱ ላይ ጻፈች፦ አሥረኛው ቀን፣ ተመላሽ አራት፣ ቀሪ አራት፤ በዚያው ቀን ወጪ አራት፣ ቀሪ የለም። ሐሰተኛው ማዘዣ ሳይቀደድ «ተሰርዟል» ተብሎበት በጥራዙ ውስጥ ቀረ።

ሴትዮዋ ዘሯን አስጭና ስትወጣ፣ «ልጅስ ወልደዋል!» አለቻቸው።

በሳምንቱ የማኅበሩ ቦርድ ሽማግሌውን ከመጋዘን ኃላፊነት አነሣቸው፤ የሁለት ወር ደመወዛቸውንም ቀጣቸው። ቁልፉን ለተተኪው ፈርመው አስረከቡ።